የዋይፋይ ማራዘሚያ የኢንተርኔት ፍጥነትን በግማሽ የሚቀንሰው ለምንድን ነው? በሜሽ መሣሪያዎች መካከል የሚዘረጋ ኬብልስ ምን ይለውጣል?

በዱባይ፣ በሻርጃ እና በአጅማን የሚገኙ አብዛኞቹ መኖሪያ ቤቶች የኢንተርኔት አገልግሎት የሚያገኙት እስከ ቤቱ ድረስ በተዘረጋ የፋይበር ኦፕቲክ መስመር ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ፋይበርን እስከ መኖሪያ ቤት በማድረስ በዓለም ግንባር ቀደም ከሆኑ አገሮች አንዷ ናት። የአገልግሎቱ አቅራቢዎች የሆኑት ቀድሞ ኢቲሳላት ይባል የነበረው e& እና ዱ የሚያቀርቧቸው የቤት ጥቅሎችም በሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋቢት የማስተላለፍ አቅም አላቸው። ይሁን እንጂ በብዙ ቤቶች ውስጥ ይህ ፍጥነት የሚገኘው ራውተሩ በተቀመጠበት ክፍል ብቻ ነው። ከሁለት ግድግዳ በኋላ ወይም ከፎቅ በላይ ባለ መኝታ ክፍል፣ አገር ቤት ካለ ቤተሰብ ጋር በሚደረግ የቪዲዮ ጥሪ ምስሉ ይቆማል፤ ድምፁም ይቆራረጣል።

ችግሩ ሲያጋጥም ነዋሪዎች በአብዛኛው ከሁለት አንዱን ያደርጋሉ። አንዳንዶች በየወሩ ተጨማሪ ገንዘብ እየከፈሉ ከፍ ያለ ጥቅል ይወስዳሉ። ሌሎች ደግሞ በተለምዶ ኤክስቴንደር የሚባለውን የዋይፋይ ማራዘሚያ ገዝተው ሲግናሉ በደከመበት ክፍል ውስጥ ይሰኩታል። የመጀመሪያው እርምጃ የሚያሰፋው እስከ ቤቱ በር የሚደርሰውን መስመር እንጂ ከበሩ እስከ መኝታ ክፍሉ ያለውን መንገድ አይደለም። ሁለተኛው ደግሞ በስልኩ ላይ የሚታዩትን የሲግናል ምልክቶች ይሞላል፤ ፍጥነቱ ግን ባለበት ይቀራል ወይም ይባስ ብሎ ይወርዳል። ለዚህ ምክንያቱ ማራዘሚያው የሚሠራበት ዘዴ እና የተቀመጠበት ቦታ ነው።

ማራዘሚያው እንደ አስተርጓሚ

የማራዘሚያን ሥራ ለመረዳት በአንድ አዳራሽ ውስጥ የቆመ አስተርጓሚን ማሰብ ይበቃል። ተናጋሪው አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ዝም ይላል፤ አስተርጓሚው ያንኑ ለአድማጮች ይደግማል፤ ከዚያ ተናጋሪው ይቀጥላል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ቢናገሩ ማንም ምንም አይሰማም። ስለዚህ የአንድ ሰዓት ንግግር በአስተርጓሚ ሲቀርብ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። አስተርጓሚው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ እያንዳንዱ ቃል ሁለት ጊዜ መነገር ስላለበት ነው።

በዋይፋይም የሚሆነው ይኸው ነው። በአንድ ቻናል ላይ ያሉ መሣሪያዎች ሁሉ የሚጠቀሙት አንድ አየር ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ ከመላኩ በፊት ሌላ የሚናገር መኖሩን ያዳምጣል፤ ካለም ተራውን ይጠብቃል። አንድ ሬዲዮ ያለው ማራዘሚያ ከራውተሩ የመጣውን መረጃ በአንድ ቻናል ይቀበልና በዚያው ቻናል ለስልኩ መልሶ ይልካል። ሲቀበል መላክ አይችልም፤ ሲልክም መቀበል አይችልም። አንዱ መረጃ አየሩን ሁለት ጊዜ ስለሚይዝ፣ ሁለቱ ጉዞዎች እኩል ፈጣን ቢሆኑ እንኳ የመጨረሻው ፍጥነት ከግማሽ አይበልጥም።

ይህ ድግግሞሽ የሚጎዳው ከማራዘሚያው ጋር የተገናኘውን ስልክ ብቻ አይደለም። ማራዘሚያው የሰማውን በሚደግምበት ጊዜ ራውተሩ አጠገብ የተቀመጠ ሰውም ተራ ይጠብቃል። በአንድ ቤት ውስጥ ብዙ ሰዎች በሚኖሩበት ጊዜ፣ ማራዘሚያ ከተሰካ በኋላ ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን መንተባተብ የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለት ሬዲዮ ያላቸው ማራዘሚያዎች ይህን ጉዳት በከፊል ይቀንሳሉ። በ5 ጊጋኸርዝ ከራውተሩ ተቀብለው በ2.4 ጊጋኸርዝ ለስልኩ ሲልኩ፣ ሁለቱ ሥራዎች በተለያየ አየር ላይ ስለሚካሄዱ መጠባበቅ አይኖርም። ነገር ግን 2.4 ጊጋኸርዝ ሰፊ አይደለም። እርስ በርስ የማይደራረቡት ዋና ዋና ቻናሎቹ 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። በሻርጃ አል ናህዳ ወይም በዱባይ ዴራ ባሉ አፓርታማዎች ውስጥ ከላይ፣ ከታች እና ከጎን የሚኖሩ ጎረቤቶች ራውተሮች እነዚህኑ ሦስት ቻናሎች ይሻማሉ። ስለዚህ በአንድ በኩል የዳነው ፍጥነት በሌላ በኩል ሊጠፋ ይችላል።

የተሳሳተ ቦታ ጉዳት

አስተርጓሚው ተናጋሪውን በደንብ በማይሰማበት በአዳራሹ መጨረሻ ቢቆም ምን ይሆናል? ድምፁ ጉልህ ስለሆነ አጠገቡ የተቀመጡ ሰዎች እርሱን በሚገባ ይሰሙታል። እርሱ ግን ተናጋሪውን በየጊዜው «ምን አልክ? ድገመው» እያለ ይጠይቃል። አድማጮቹ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰማሉ፤ የሚደርሳቸው ንግግር ግን ጥቂት ነው።

ማራዘሚያን ሲግናል በደከመበት ክፍል ውስጥ መሰካት ይህንኑ ማድረግ ነው። የዋይፋይ መሣሪያዎች ሲግናሉ ሲደክም ስሕተትን ለመቀነስ ቀስ ብለው መነጋገር ይጀምራሉ፤ የጠፋውንም ደግመው ይልካሉ። ስለዚህ ከራውተሩ ወደ ማራዘሚያው ያለው ጉዞ ቀርፋፋ ይሆናል። በስልኩ ላይ የሚታዩት ምልክቶች የሚለኩት ግን በስልኩ እና በማራዘሚያው መካከል ያለውን አጭር ርቀት ብቻ ነው። ምልክቶቹ ሞልተው ፍጥነቱ የሚያንሰው ለዚህ ነው።

የአካባቢው የቤት አሠራርም ችግሩን ያብሰዋል። በሦስቱም ኤምሬቶች ቤቶች በብዛት የሚሠሩት በብረት በተጠናከረ ኮንክሪት እና በብሎኬት ነው። ከእንጨትና ከጂፕሰም ከሚሠራ ስስ ግድግዳ ጋር ሲነጻጸሩ እነዚህ የሬዲዮ ሞገድን እጅግ ያደክማሉ። በተለይ በሁለት ፎቅ መካከል ያለው የኮንክሪት ወለል ለ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ከባድ እንቅፋት ነው። ትልቅ መስታወት፣ ማቀዝቀዣ እና የብረት በር ያለው ቁም ሣጥንም ሞገዱን ይመልሳሉ። በብዙ ቤቶች የፋይበሩ መሣሪያ የሚገኘው በመግቢያው አጠገብ ወይም በደረጃ ሥር ባለ የብረት ሣጥን ውስጥ ነው። ራውተሩም እዚያው ውስጥ ተዘግቶበት ከሆነ ሲግናሉ ገና ከመነሻው ይታፈናል።

አንድ ምሳሌ በቁጥር

ነገሩን ለማየት በሻርጃ የሚገኝ ባለ አንድ ፎቅ ቪላ እንውሰድ። ቤቱ በሰከንድ 500 ሜጋቢት የሚሰጥ ጥቅል አለው እንበል። ራውተሩ ከታች ሳሎን ውስጥ ነው። በስልክ ሲለካ ራውተሩ አጠገብ 450 ሜጋቢት፣ በደረጃው አናት ላይ 200 ሜጋቢት፣ ከላይ በመጨረሻው መኝታ ክፍል ደግሞ 40 ሜጋቢት ገደማ ይገኛል። በዚያ መኝታ ክፍል የሚኖረው ሰው 400 ሜጋቢት መጠን ያለው ፋይል ማውረድ ይፈልጋል፤ ይህም 50 ሜጋባይት ነው።

ማራዘሚያው በመኝታ ክፍሉ ውስጥ ሲሰካ የመጀመሪያው ጉዞ፣ ማለትም ከራውተሩ እስከ ማራዘሚያው ያለው፣ በሰከንድ 40 ሜጋቢት ብቻ ስለሚያሳልፍ 10 ሰከንድ ይፈጃል። ከማራዘሚያው እስከ ስልኩ ያለው ጉዞ አጭር ነው፤ በሰከንድ 400 ሜጋቢት ቢያሳልፍ በ1 ሰከንድ ያልቃል። በአንድ ቻናል ላይ ስለሆኑ ሁለቱ ጊዜያት ይደመራሉ፤ ጠቅላላው 11 ሰከንድ ይሆናል። ይህ በሰከንድ 36 ሜጋቢት ገደማ ነው። ያለ ማራዘሚያ ከነበረው 40 ሜጋቢት ያንሳል። ገንዘብ ወጥቶ፣ ምልክቶቹ ሞልተው፣ ፍጥነቱ ቀነሰ ማለት ነው።

አሁን ያው ማራዘሚያ ከመኝታ ክፍሉ ወጥቶ በደረጃው አናት ላይ ይሰካ። ከራውተሩ 200 ሜጋቢት ይሰማል፤ ከዚያ እስከ መኝታ ክፍሉም 200 ሜጋቢት ማድረስ ይችላል እንበል። የመጀመሪያው ጉዞ 2 ሰከንድ፣ ሁለተኛውም 2 ሰከንድ፣ በድምሩ 4 ሰከንድ ይፈጃል። የመጨረሻው ፍጥነት በሰከንድ 100 ሜጋቢት ነው። መሣሪያው ሳይለወጥ፣ አንድ ተጨማሪ ድርሃም ሳይወጣ፣ ጥቂት ሜትሮችን በማዛወር ብቻ ፍጥነቱ ወደ ሦስት እጥፍ ቀርቧል። ሆኖም የእያንዳንዱ ጉዞ ፍጥነት 200 ሆኖ ሳለ የደረሰው 100 መሆኑን ልብ ይሏል። ግማሽ የመቀነሱ ሕግ በመልካም ቦታም አይቀርም፤ የተሳሳተ ቦታ ደግሞ ከግማሹ በላይ ያስከፍላል።

ቦታውን ለይቶ ማወቅ

የማራዘሚያ ትክክለኛ ቦታ ሲግናል የጠፋበት ሳይሆን ሲግናል ገና ጠንካራ የሆነበት ነው። በአብዛኛው ይህ በራውተሩ እና በችግሩ ክፍል መካከል ያለው መንገድ አጋማሽ፣ አንዳንዴም ከአጋማሹ ወደ ራውተሩ ቀረብ ያለ ቦታ ነው። የሲግናል ጥንካሬን በቁጥር የሚያሳዩ የስልክ መተግበሪያዎች -50 dBm የሚለውን ለጠንካራ፣ -67 dBm ገደማ ያለውን ለጥሩ፣ -80 dBm የሚለውን ለደካማ ሲግናል ያሳያሉ። ማራዘሚያውን -67 ወይም ከዚያ የተሻለ ቁጥር በሚታይበት ቦታ መሰካት ይመከራል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስለሆነ -60 ከ-70 የተሻለ መሆኑን መርሳት አይገባም። መለኪያው መወሰድ ያለበት ስልኩ ከራውተሩ ጋር ተገናኝቶ እያለ ነው፤ ማራዘሚያው በርቶ ከሆነ የሚለካው የማራዘሚያው ሲግናል ሊሆን ይችላል።

ችግሩ ከውጭ መስመር ይሁን ከቤቱ ውስጥ ለማወቅ የሚረዳ ሌላ ቀላል ፍተሻ አለ። በኮምፒውተር ላይ ራውተሩን ራሱን በተደጋጋሚ መጥራት ይቻላል። የራውተሩ አድራሻ በመሣሪያው ጀርባ ወይም ሥር ባለው ወረቀት ላይ ይገኛል። በዊንዶውስ ትእዛዙ የሚከተለው ነው፤ አድራሻው በራውተሩ አድራሻ ይተካል።

```
ping -n 50 192.168.1.1
```

ኮምፒውተሩ ራውተሩ አጠገብ ሆኖ መልሱ በጥቂት ሚሊሰከንድ ከመጣ፣ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ግን ቁጥሩ በመቶዎች ከዘለለ ወይም Request timed out የሚል ጽሑፍ ከታየ፣ ጥፋቱ በቤቱ ውስጥ ባለው የዋይፋይ መንገድ ነው። ይህ መልስ ከቤት ስለማይወጣ የአገልግሎት አቅራቢው መስመር በጉዳዩ ውስጥ የለበትም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ጥቅልን ማሳደግ ችግሩን አይፈታም።

ሜሽ ሲባል ምን ማለት ነው?

ሜሽ በአንድ ስም እና በአንድ የይለፍ ቃል የሚሠሩ፣ እርስ በርስ የሚናበቡ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የዋይፋይ መሣሪያዎች ስብስብ ነው። አንዱ ዋና ሆኖ ከፋይበሩ መሣሪያ ጋር ይገናኛል፤ ሌሎቹ በየክፍሉ ይቀመጣሉ። ሰው ከክፍል ወደ ክፍል ሲዘዋወር ስልኩ ወደ ቅርቡ መሣሪያ እንዲሸጋገር ያግዙታል። ከተራ ማራዘሚያ የሚበልጡበት ዋናው ነገር ይህ ቅንጅት ነው።

ይሁን እንጂ ሜሽ መሆን ብቻውን ድግግሞሹን አያስቀርም። መሣሪያዎቹ በመካከላቸው በአየር የሚነጋገሩ ከሆነ አሁንም አስተርጓሚዎች ናቸው። ሁለት ሬዲዮ ብቻ ያላቸው የሜሽ መሣሪያዎች በብዙ ጊዜ አንዱን 5 ጊጋኸርዝ ሬዲዮ ለስልኮችም ለእርስ በርስ ግንኙነትም ያጋሩታል። ሦስት ሬዲዮ ያላቸው ውድ መሣሪያዎች አንዱን ለእርስ በርስ ግንኙነት ይለዩታል፤ ይህም በእርግጥ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ነገር ግን ያ ሦስተኛ ሬዲዮም የኮንክሪቱን ወለል አልፎ መሄድ አለበት። ግድግዳው ወፍራም ከሆነ የመጀመሪያው ጉዞ ደካማ ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በእርሱ ልክ ይወሰናል።

ኬብል የሚለውጠው ነገር

ወደ አስተርጓሚው እንመለስ። ተናጋሪው የሚለው በጆሮ ማዳመጫ በቀጥታ ቢደርሰው፣ አስተርጓሚው እየሰማ እዚያው መናገር ይችላል። አዳራሹ የቱንም ያህል ቢረዝም፣ በመካከል ግድግዳ ቢኖርም ለውጥ የለውም። የአንድ ሰዓት ንግግር በአንድ ሰዓት ያልቃል። ኬብል ለሜሽ መሣሪያ የሚሰጠው ይህንን ነው።

ሁለቱ መሣሪያዎች በኔትወርክ ኬብል ሲገናኙ የመጀመሪያው ጉዞ ከአየሩ ይወጣል። ካት 5ኢ ወይም ካት 6 የሚባለው ኬብል እስከ 100 ሜትር ርቀት ድረስ በሰከንድ 1000 ሜጋቢት ያሳልፋል፤ በመላክ እና በመቀበል በኩል በአንድ ጊዜ። በመኖሪያ ቤት ውስጥ ይህን ያህል ርዝመት አያስፈልግም። ከላይ በተጠቀሰው ቪላ ውስጥ በመኝታ ክፍሉ የተቀመጠው መሣሪያ በኬብል ቢገናኝ፣ ለስልኩ የሚቀረው ከመሣሪያው እስከ እጅ ያለው አጭር የአየር ጉዞ ብቻ ነው። 400 ሜጋቢቱ በ1 ሰከንድ ገደማ ይደርሳል። ከ36 ወደ 100 የወጣው ፍጥነት አሁን ወደ 400 ያድጋል። የታችኛው ፎቅ አየርም ከድግግሞሹ ነፃ ስለሚሆን ሳሎን ያሉት ሰዎችም ይጠቀማሉ።

በኬብል ሲሆን የቦታ ምርጫው ደንብ እንደሚገለበጥም ማስተዋል ያሻል። በአየር የሚሠራ መሣሪያ ወደ ራውተሩ መቅረብ ነበረበት። በኬብል የሚሠራው ግን አገልግሎቱ በሚፈለግበት ክፍል ውስጥ ራሱ መቀመጥ አለበት፤ የሚሰማው በኬብሉ ነውና።

ኬብሉ ምናልባት በግድግዳው ውስጥ አለ

ብዙ ነዋሪዎች የማያስተውሉት ነገር፣ በአዳዲስ አፓርታማዎች እና ቪላዎች ውስጥ ኬብሉ አስቀድሞ የተዘረጋ ሊሆን መቻሉ ነው። በሳሎን እና በመኝታ ክፍሎች ግድግዳ ላይ፣ ከመብራት ሶኬቶች አጠገብ፣ ከስልክ ሶኬት ሰፋ ያለ ባለ ስምንት ሽቦ ሶኬት ካለ፣ ሌላኛው ጫፉ የፋይበሩ መሣሪያ ባለበት ሣጥን ውስጥ ሊገኝ ይችላል። በሣጥኑ ውስጥ ኬብሎቹ የክፍሉ ስም ወይም ቁጥር ተለጥፎባቸው ይገኛሉ። አገልግሎቱ ሲገባ የሚገናኘው በአብዛኛው የሳሎኑ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሳይሰኩ ይቀራሉ። በቆዩ ሕንፃዎች ግን ይህ ዝርጋታ ላይኖር ይችላል፤ ወይም ያለው የስልክ ሽቦ ብቻ ይሆናል።

ዝርጋታው ካለ ሥራው የሚከተለውን ቅደም ተከተል ይይዛል። የፋይበሩ መሣሪያ ከዋናው የሜሽ መሣሪያ ወይም ከራውተሩ ጋር ይገናኛል። ከዚያ ከዋናው መሣሪያ የሚወጣ ኬብል ስዊች ወደሚባል ትንሽ ማከፋፈያ ይገባል። የየክፍሉ ኬብሎች በስዊቹ ላይ ይሰካሉ። በመጨረሻም በየክፍሉ ሶኬት ላይ ሌላው የሜሽ መሣሪያ በአጭር ኬብል ይገናኛል። ስዊቹ ሁልጊዜ ከዋናው መሣሪያ በኋላ መሆን አለበት። በፋይበሩ መሣሪያ እና በዋናው መሣሪያ መካከል ከገባ፣ የየክፍሉ መሣሪያዎች ዋናውን አልፈው በቀጥታ ወደ ፋይበሩ መሣሪያ ስለሚሄዱ ግንኙነት ላያገኙ ይችላሉ።

ዋናው መሣሪያ በሳሎን፣ የፋይበሩ መሣሪያ ደግሞ በመግቢያው ሣጥን ውስጥ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር መታሰብ አለበት። ከሣጥኑ ወደ ሳሎን የሚሄድ አንድ ኬብል ብቻ ካለ፣ እርሱ ኢንተርኔቱን ወደ ዋናው መሣሪያ በማምጣት ተይዟል፤ ወደ ሣጥኑ መመለሻ የለም። ሳሎን ውስጥ ሁለተኛ ሶኬት ካለ እርሱ መመለሻ ይሆናል። ከሌለ ዋናውን መሣሪያ ወደ ሣጥኑ አጠገብ ማዛወር እና በሳሎኑ ሶኬት ላይ ሌላ የሜሽ መሣሪያ ማስቀመጥ ይሻላል። ዋናው መሣሪያ ከብረት ሣጥኑ ውጭ ቢቀመጥ ይመረጣል።

አዲስ መሣሪያ ለመግዛት አቅም የሌለውም ሰው አማራጭ አለው። ብዙ ማራዘሚያዎች የኬብል ቀዳዳ አላቸው። ኬብሉ ከራውተሩ መጥቶ በዚያ ቀዳዳ ከተሰካ እና በማስተካከያ ገጹ ላይ Access Point የሚለው ከተመረጠ፣ ያው ማራዘሚያ መድገሙን ትቶ በኬብል የሚሰማ የዋይፋይ መሣሪያ ይሆናል። የርካሽ ማራዘሚያዎች ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ከ100 ሜጋቢት በላይ አያሳልፍም፤ ያም ሆኖ በምሳሌው ከታየው 36 ሜጋቢት እጅግ ይሻላል።

የሚያጋጥሙ ስሕተቶች እና ምልክቶቻቸው

የመጀመሪያው ስሕተት ኬብሉ ተሰክቶም መሣሪያው በአየር መነጋገሩን መቀጠሉ ነው። በሜሹ የስልክ መተግበሪያ ውስጥ በእያንዳንዱ መሣሪያ ስም ሥር Ethernet ወይም Wired የሚል ጽሑፍ መታየት አለበት። Wireless የሚል ከሆነ ኬብሉ አልሠራም፤ ወይም የተሳሳተ ቀዳዳ ተመርጧል። መሣሪያውን አጥፍቶ ማብራት አንዳንዴ ይበቃል።

ሁለተኛው የኬብሉ ሽቦዎች ጉድለት ነው። በሰከንድ 1000 ሜጋቢት ለማሳለፍ ስምንቱም ሽቦዎች መገናኘት አለባቸው። አራቱ ብቻ ከተገናኙ ወይም አንዱ ከተበጠሰ ግንኙነቱ ወደ 100 ሜጋቢት ይወርዳል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ በመሣሪያው አጠገብ የሚወሰድ ልኬት በየጊዜው ከ90 እስከ 95 ሜጋቢት ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ አይሄድም። ፍጥነቱ እንዲህ በአንድ ቁጥር ላይ ከተቸነከረ ጥፋቱ የዋይፋዩ ሳይሆን የኬብሉ፣ የሶኬቱ ወይም 100 ሜጋቢት ብቻ የሚያሳልፍ አሮጌ ስዊች ነው። የሶኬቱን ሽቦዎች በሁለቱም ጫፎች በአንድ ዓይነት የቀለም ቅደም ተከተል እንደገና ማሰር ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ሦስተኛው አንዱን የሜሽ መሣሪያ በሁለት ኬብሎች ከአንድ ስዊች ጋር ማገናኘት ነው። መረጃው መውጫ በሌለው ክብ ውስጥ ይሽከረከርና የቤቱ ኔትወርክ በሙሉ በደቂቃ ውስጥ ይቆማል። አዲስ ኬብል በተሰካ ቅጽበት ሁሉም ነገር ከቆመ፣ ያንኑ ኬብል ወዲያው መንቀል ነው።

አራተኛው ሁለት ራውተሮች በአንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም ራውተር ሆነው መሥራታቸው ነው። የአቅራቢው ራውተር እያለ የሜሹም ዋና መሣሪያ ራውተር ከሆነ፣ በአንዱ ሥር ያለ ስልክ በሌላው ሥር ያለውን ማተሚያ ወይም ቴሌቪዥን ማግኘት ያቅተዋል። በዚህ ጊዜ ሜሹን Access Point ወይም Bridge በሚለው አሠራር ማድረግ፣ የአቅራቢውንም ራውተር ዋይፋይ ማጥፋት ተገቢ ነው፤ ያለበለዚያ ስልኮች ከአሮጌው ደካማ ሲግናል ጋር እንደተጣበቁ ይቀራሉ።

ገደቦች

ኬብል በጥቅሉ ከተገዛው በላይ ፍጥነት አይፈጥርም። 100 ሜጋቢት የሚሰጥ ጥቅል ያለው ቤት በየክፍሉ 100 ሜጋቢት ቢያገኝ ሥራው ተፈጽሟል። አንድ ክፍል እና ሳሎን ብቻ ላለው አፓርታማም ሜሽ መግዛት በአብዛኛው አያስፈልግም፤ ራውተሩን ከብረት ሣጥኑ አውጥቶ ከፍ ባለ ግልጽ ቦታ ማስቀመጥ ይበቃል።

የግድግዳ ዝርጋታ በሌለበት ቤት በግድግዳው ግርጌ ወይም በበር ሥር የሚያልፍ ጠፍጣፋ ኬብል መጠቀም ይቻላል። በኪራይ ቤት ግድግዳ ከመብሳት በፊት የአከራዩን ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። በአሠሪ ቤት የሚኖሩ ሠራተኞችም የፋይበሩን ሣጥን ከመክፈታቸው በፊት የቤቱን ባለቤት ማስፈቀድ አለባቸው። ከፋይበሩ መሣሪያ ጋር የተያያዘው ስስ መስመር ሲታጠፍ በቀላሉ ስለሚሰበር መነካት የለበትም። መሣሪያ ሲገዛም በአገሪቱ የቴሌኮሙኒኬሽንና የዲጂታል መንግሥት ቁጥጥር ባለሥልጣን ፈቃድ ያገኘ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል።

ኬብል ፈጽሞ መዘርጋት በማይቻልበት ቤት የሚቀረው መንገድ በአየር የሚሠራውን መሣሪያ በትክክለኛው ቦታ ማስቀመጥ ነው። ግማሹ ፍጥነት ይጠፋል፤ ሌላው ግማሽ ግን ይተርፋል። ለአንድ የቪዲዮ ጥሪ ጥቂት ሜጋቢት ስለሚበቃ፣ በደረጃው አናት የተሰካው ማራዘሚያ የሚያደርሰው 100 ሜጋቢት በመኝታ ክፍሉ ለሚኖረው ሰው ከበቂ በላይ ነው።